ለአኒሜሽን ፊልም የቀለም ስክሪፕት አሠራር፦ ቀለሙ የታሪኩን ስሜት እንዲከተል

የቀለም ስክሪፕት የሚባለው ፊልሙ በሙሉ በትንንሽ የቀለም ሥዕሎች ተደርድሮ በአንድ ገጽ ላይ የሚታይበት ሉህ ነው። ሥዕሎቹ ዝርዝር የላቸውም። ፊት አይለይም፣ ጣት አይቆጠርም። የሚታየው ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ክፍሉ ሞቃት ይሁን ቀዝቃዛ፣ ገጸ ባሕሪዋ ከኋላዋ ካለው ሥዕል ጋር ተዋህዳለች ወይስ ተነጥላ ወጥታለች የሚለው ብቻ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱን ሥዕል ለብቻው ያሳምረዋል። ሃያ ቆንጆ ሥዕል ይሠራል፣ ሲደረደሩ ግን ምንም አይናገሩም። ምክንያቱም ተመልካቹ ስሜት የሚሰማው ከአንዱ ሥዕል ወደ ቀጣዩ ሲሻገር ባለው ልዩነት ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ ልዩነቱ ነው። ለምሳሌ የምጠቀመው ራሴ የሠራሁትን የ7 ደቂቃ አጭር ፊልም ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት እህትማማቾች አንድ ክፍል ውስጥ ያድጋሉ። ታላቂቱ በባቡር ወደ ሩቅ ቦታ ትሄዳለች። ታናሿ ትናደዳለች፣ እህቷ ትታላት የሄደችውን ቢጫ ሹራብ ሳጥን ውስጥ ትደብቃለች፣ የመጣላትን ደብዳቤም ሳትከፍተው ትቆያለች። በመጨረሻ ታነበዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን በስሜት ቁረጡት

ቀለም አትንኩ ገና። ስቶሪቦርዱን ወይም ስክሪፕቱን ያዙና ስሜት በተቀየረ ቁጥር መስመር አስምሩ። ቦታ ሲቀየር አይደለም፣ ሾት ሲቀየርም አይደለም። ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በመሃል ነገሩ ከተበላሸ ያ ሁለት ክፍል ነው። በተቃራኒው ልጅቷ ሦስት ቦታ እየዞረች ያው ኀዘን ውስጥ ከሆነች አንድ ክፍል ነው።

የእኔ ፊልም 9 ክፍል ወጣው። ማታ በአንድ መብራት ሥር አብረው ሲያነቡ 60 ሰከንድ፣ ታናሿ የመሄዱን ወሬ በበር ቀዳዳ ስትሰማ 40፣ ባቡር ጣቢያ 50፣ ንዴቱ 40፣ ባዶዎቹ ቀናት 70፣ ደብዳቤው መጥቶ ሳይከፈት ሲቀር 40፣ በመስኮት የሌሎችን ጨዋታ የምታይበት 50፣ ደብዳቤውን ማንበቧ 40፣ ሹራቡን ለብሳ መውጣቷ 30። ድምሩ 420 ሰከንድ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቁጥር ስጡ። የመጀመሪያው ስሜቱ ደግ ነው ክፉ የሚለው ነው፤ ከመቀነስ 5 እስከ መደመር 5። ሁለተኛው ስሜቱ ምን ያህል ይጮኻል የሚለው፤ ከ1 እስከ 5። ቁጥሮቹን በክፍሎቹ ተራ እንደ ግራፍ ሣሏቸው። ሁለተኛውን ቁጥር ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን ሥራው ያለው እሱ ላይ ነው። ንዴትም ባዶነትም በእኔ ግራፍ ላይ መቀነስ 4 ናቸው። ንዴቱ ግን ጩኸቱ 5 ነው፣ ባዶነቱ 1። በአንድ ቁጥር ብቻ ብሠራ ሁለቱን አንድ ዓይነት ሰማያዊ አለብሳቸው ነበር።

ቁጥሩን የምትሰጡት ደግሞ ለማን እንደሆነ ወስኑ። የታሪኩ ባለቤት ታናሿ ናት። ታላቂቱ ጣቢያው ላይ በልቧ ደስ ብሏት ሊሆን ይችላል፤ ፊልሙ ግን የእሷ ስላልሆነ ቀለሙ እሷን አይከተልም።

ሦስቱን ማዞሪያ ለዩ፣ ለእያንዳንዱም አንድ ሥራ ስጡ

ቀለም ውስጥ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ለየብቻ የሚዞሩ ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ ሙቀቱ ነው፦ ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ወይስ ወደ ሰማያዊ። ሌላው ድምቀቱ፦ ቀለሙ ጥርት ያለ ነው ወይስ ወደ ግራጫ የደበዘዘ። ሦስተኛው ብርሃኑ፦ ሥዕሉ በጥቅሉ ጨለማ ነው ወይስ የነጣ፣ በውስጡ በብርሃንና በጥላ መካከል ያለው ርቀትስ ስንት ነው።

ሦስቱንም በአንዴ አብራችሁ ካዞራችኋቸው ያ የታወቀው ነገር ይመጣል፤ ደስታ ሞቃት፣ ደማቅና ብሩህ፣ ኀዘን ቀዝቃዛ፣ ደብዛዛና ጨለማ። ሁለት ዓይነት ስሜት ብቻ ያለው ፊልም ይሆንባችኋል። ስለዚህ ለየብቻ ሥራ ስጧቸው። እኔ እንዲህ አደረግሁ፦ ሙቀቱ የመጀመሪያውን ቁጥር፣ ድምቀቱ ሁለተኛውን ቁጥር ይከተላል። ብርሃኑ ደግሞ ልጅቷ ከዓለም ምን ያህል እንደተሸሸገች ያሳያል፤ ከተደበቀች ጥላው ይበዛል፣ መደበቂያ ካጣች ሥዕሉ ይነጣል።

ይህ ድልድል ለሌላ ፊልም ላይሠራ ይችላል። የእናንተ ታሪክ ውስጥ ሙቀት አስፈሪ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እሳት ያለበት ታሪክ ከሆነ ለምሳሌ። ድልድሉ የእናንተ ነው፣ ግን አንዴ ከያዛችሁት መሃል ላይ አትቀይሩት። ተመልካቹ ሕጉን ሳያውቀው የሚለምደው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነው።

ከሦስቱ በተጨማሪ አንድ ቀለም ለብቻው አስቀምጡ። የእኔው ቢጫ ነው። ቢጫ ማለት ታላቂቱ እህት ናት። እሷ በሌለችበት ቢጫ የሚባል ነገር ሥዕሉ ውስጥ እንዳይገባ ወሰንኩ፤ አበባ ቢሆን፣ ቅጠል ቢሆን፣ የጎረቤት መስኮት ቢሆን። ከባዱ ይሄ ነው፤ ከገጸ ባሕሪዎቹ ኋላ ያለውን ቦታ የሚሥለው ሰው ሥዕሉን ለማሳመር ብሎ ሳያስበው ትንሽ ቢጫ ጣል ያደርጋል።

በግራጫ ጀምሩ

ትንንሽ ሳጥኖች አዘጋጁ። ስፋታቸው 240 በ135 ፒክስል ቢሆን ይበቃል፤ ትልቅ ከሆነ እጃችሁ ወደ ዝርዝር ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ፣ ረጅም ለሆነው ወይም በውስጡ ለሚለወጠው ሁለት ሦስት ሳጥን ስጡ። በአራት የግራጫ ደረጃ ብቻ ሙሏቸው። ብርሃኑ ብቻውን ታሪኩን ካልያዘ ቀለም መጥቶ አያድነውም።

ቀለም ከገባ በኋላም ወደ ግራጫ እየመለሳችሁ ማየት አለባችሁ። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ፎቶሾፕ ላይ `Desaturate` የሚለውን ትእዛዝ ብትጠቀሙ ንጹሕ ቢጫና ንጹሕ ሰማያዊ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ፤ ዓይናችን ግን ቢጫውን በጣም ብሩህ፣ ሰማያዊውን ጨለማ አድርጎ ነው የሚያየው። ትክክለኛው መንገድ ከሁሉም በላይ ግራጫ የተሞላ ሌየር መጨመርና የሌየሩን ሞድ `Color` ማድረግ ነው። ያኔ ብርሃኑ እንዳለ ይቀራል፣ ቀለሙ ብቻ ይጠፋል። ሌየሩን እያበራችሁ እያጠፋችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ቀለሙን ከመጀመሪያው ሥዕል አትጀምሩ

በተራ ከጀመራችሁ ሦስተኛው ክፍል ላይ ስትደርሱ ያላችሁን ደማቅ ቀለም ሁሉ ጨርሳችሁታል። አራት ችካል ትከሉ፤ መክፈቻው፣ ዝቅተኛው ነጥብ፣ መታጠፊያው፣ መዝጊያው። መሃሉን ከዚያ በኋላ ሙሉት።

የእኔ መክፈቻ ቀላል ነበር። ጨለማ ክፍል፣ አንድ መብራት፣ ሁለቱ እህቶች በብርሃኑ ክብ ውስጥ። ሥዕሉ በሙሉ በቢጫና ሞቅ ባለ ቡናማ ተነክሯል፤ ሹራቡ እንኳን ከዙሪያው ተለይቶ አይታይም፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ቢጫ ነው።

ዝቅተኛው ነጥብ ሰባተኛው ክፍል ነው። መጀመሪያ የሠራሁት እንደ ሁሉም ሰው ጥቁር ሰማያዊ ነበር። አልሠራም። ከአምስተኛው ክፍል፣ ከባዶዎቹ ቀናት ጋር ተመሳሰለና ታሪኩ ወደ ታች የወረደ ሳይሆን ቆሞ የቀረ መሰለ። ሳስበው ልጅቷ እዚህ ጋ የጎዳት ጨለማው አይደለም። ውጭ ልጆች ይጫወታሉ፣ ፀሐይ ነው፣ ሁሉም ነገር ይታያል፣ የምትሸሸግበት ጥላ የለም። ስለዚህ ሥዕሉን አነጣሁት። የቀትር ብርሃን፣ ጥላ የሌለው፣ ቀለሙ ሁሉ ታጥቦ የሄደ፣ እሷም ከግድግዳው ጋር ልትጠፋ ምንም ያልቀራት። ከዚያ በኋላ ነው ክፍሉ የከበደው።

መዝጊያው ላይ ደግሞ ወደ መክፈቻው ቀለም ለመመለስ በጣም ያምራችኋል። ተው እላለሁ። ታሪኩ ሰውዬውን ከለወጠ ቀለሙም ያው ሆኖ መመለስ የለበትም። እኔ ያደረግሁት፦ ሰፊና ለስላሳ የጠዋት አረንጓዴና ሰማያዊ ዓለም፣ በመሃሉ ትንሽ ቢጫ ነጥብ፣ ሹራቡ። መጀመሪያ ቢጫው ዓለሙን ሁሉ ሞልቶት ነበር፣ አሁን እሷ የምትለብሰውና ይዛው የምትሄደው ነገር ሆነ። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ፊልሙ ምን እንዳለ ቃል ሳይጨመር ይገባል።

መታጠፊያው ስምንተኛው ነው፣ ንባቡ። ቢጫው ከየት ይመጣል? መብራቱን ላብራው ብል የመክፈቻው ብርሃን ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፣ ከወረቀቱ ነጥሮ ከአገጯ በታች ፊቷን ያሞቀዋል። በዙሪያዋ ያለው ሁሉ እንደ ቀዘቀዘ ነው። ለ7 ሰከንድ ያህል ሙቀት ያለው ፊቷ ላይ ብቻ ነው፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሰፋል።

መሃሉን ስትሞሉ ልዩነቱን ለኩ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ሼቭረል የሚባል የኬሚስትሪ ሰው ነበር፤ ጎብላን በተባለው የምንጣፍና የግድግዳ ጌጥ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉን ይመራ ነበር። ጥቁሩ ክር ደካማ ነው የሚል ቅሬታ መጣበት። ቢመረምረው ማቅለሚያው ደህና ነው። ጥቁሩን ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነበር። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አወጣው። እኛም ጋ ነገሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ጎረቤቶቹ በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም መሆናቸው ነው። ዓይን ለአንድ ደቂቃ ግራጫ ሲያይ ቆይቶ ትንሽ ቀይ ቢመጣበት ያ ቀይ ይጮኻል።

ይህ የሚጠቅመን እንዲህ ነው። መታጠፊያው አልጎላ ሲላችሁ እሱን ይበልጥ ከማድመቃችሁ በፊት ከእሱ ቀድሞ የሚመጣውን አደብዝዙ። ስድስተኛው ክፍል ላይ ፖስታው እንዲታይ ብዬ ብዙ ታገልኩ። መጨረሻ ላይ ፖስታውን አልነካሁትም። ከእሱ በፊት ያሉትን 70 ሰከንዶች በአራት ሥዕል ከፋፍዬ በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ቀለም ቀነስኩባቸው። በዝግታ ስለሚሄድ ማንም አያስተውለውም። ፖስታው ሲመጣ ነጭ ላይ ጠብ ያለች ሙቀት ብቻ ነው ያለው፣ ግን ክፍሉ ውስጥ ብቸኛው ሞቃት ነገር እሱ ነው።

ከዚህ አንድ ሕግ ይወጣል፦ ስሜቱ ቀስ ብሎ ከተቀየረ ቀለሙም በሦስት አራት ሾት ይከፋፈል፣ ስሜቱ ድንገት ከተሰበረ ቀለሙም በአንድ ቁርጥ ይሰበር። ሁለተኛው ክፍል ላይ በሩ ቀዳዳ ጋ ስትደርስ ብርሃኑ ቀስ እያለ አይቀዘቅዝም። ከቢጫው ክፍል ወጥታ ሰማያዊ ኮሪደር ውስጥ ናት፣ አለቀ።

ቀለሙ ሲቀየር ደግሞ ምክንያቱ ዓለሙ ውስጥ ይኑር። ሰዓት ያልፋል፣ ደመና ይመጣል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ በር ይከፈታል። አራተኛው ክፍል ንዴት ነው፤ በእኔ ድልድል ቀዝቃዛም ደማቅም መሆን አለበት። ለንዴት ቀይ ቀሎ ይታያል፣ ግን ቀይ ለእህቲቱ ቢጫ በጣም ይቀርባል፣ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ የልጅቷ መኝታ ቤት አረንጓዴ መጋረጃ እንዲኖረው አደረግሁ። ልጅቷ እየጎተተች ስትዘጋው ፀሐዩ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ክፍሉን የሚቆረቁር አረንጓዴ ያደርገዋል። ያ መጋረጃ መክፈቻው ላይም ተሰቅሎ አለ፤ በማታው ብርሃን ቀለሙ አይታወቅም እንጂ።

ትልቁ ስሕተቴ ሦስተኛው ክፍል ላይ ነበር። ባቡር ጣቢያ፣ ንጋት፣ ሮዝና ብርቱካናማ ሰማይ። ከሥዕሎቹ ሁሉ ቆንጆው እሱ ነበር። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ሳሳየው ግን ልጅቷ የምትደሰትበት ቦታ መሰለው፤ ብርቱካናማው ደግሞ ለስምንተኛው ክፍል ያስቀመጥኩትን ሙቀት ቀድሞ በላው። ሥዕሉን ጣልኩት። ሰዓቱን ከንጋት በፊት አደረግሁት፣ ሁሉም ነገር ሰማያዊ፣ ቢጫ የሆነው የባቡሩ መስኮት ብቻ። ባቡሩ ሲሄድ ቢጫው ተጎትቶ ከሥዕሉ ይወጣል። የምትወዱት ሥዕል ከመስመሩ ጋር ካልሄደ እንዲሁ ማውጣት ነው።

በሰዓቱ ልክ እዩት

ሳጥኖቹ እኩል ስፋት ስላላቸው ያታልላሉ። ብዙ ሰከንድ የያዘውም ጥቂት ሰከንድ የያዘውም ሳጥን መጠኑ ያው ነው። ስለዚህ ከሥራቸው ቀጭን ጥብጣብ ሥሩ፤ ለአንድ ሰከንድ 2 ፒክስል ብትሰጡ የእኔ ፊልም 840 ፒክስል ይሆናል። እያንዳንዱን ክፍል በዋናው ቀለሙ በርዝመቱ ልክ ሙሉት። ከላዩ የስሜት ግራፉን አስቀምጡ። ግራፉ ሹል ብሎ በሚታጠፍበት ጥብጣቡ ዝም ካለ፣ ወይም ግራፉ ጸጥ ባለበት ጥብጣቡ ከዘለለ፣ ችግሩ እዚያ ነው።

ቀጥሎ የቀለም ሥዕሎቹን አኒማቲኩ ውስጥ፣ ማለትም ስቶሪቦርዱ በሰዓቱ ልክ ከድምፅ ጋር ተቀናብሮ ቪዲዮ በሆነበት ውስጥ፣ በየቦታቸው አስገቡና ከድምፁ ጋር እዩት። ከዚያ መልሳችሁ ወደ አንድ ገጽ አውጡት፤ `ffmpeg` የተባለው በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ የቪዲዮ ፕሮግራም ካላችሁ ይህን ብቻ ጻፉ፦

```
ffmpeg -i animatic.mp4 -vf "fps=1/5,scale=160:-2,tile=12x7" -frames:v 1 sheet.png
```

በየ5 ሰከንዱ አንድ ፍሬም ይወስዳል፣ 12ቱን በአንድ ረድፍ ይደረድራል። አንድ ረድፍ አንድ ደቂቃ ነው፣ 7 ረድፍ 7 ደቂቃ። ፊልማችሁ 10 ደቂቃ ከሆነ 7 የሚለውን 10 አድርጉት። ይህን ገጽ አኒሜሽኑ እያደገ ሲሄድም ደጋግሜ አወጣዋለሁ፤ መጀመሪያ ካቀድኩት ጋር አስተያየዋለሁ፣ የተንሸራተተው ቦታ ወዲያው ይታያል።

ፈተናው ደግሞ ይህ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ፈልጉ፣ ገጹን ዝርዝሩ እንዳይለይ አደብዝዛችሁ አሳዩት፣ ምን ተደረገ ብላችሁ አትጠይቁት። ወረቀት ስጡትና የት ደስ እንደሚል፣ የት እንደሚከብድ በአንድ መስመር ይሣል። መስመሩ ከእናንተ ግራፍ ጋር በቁጥር ባይገጥምም ከፍና ዝቅ የሚልበት ቦታ መግጠም አለበት።

ብርሃን ለሚሠራው የላይቲንግ ክፍል ከመስጠታችሁ በፊት ልብሱን ፈትኑ

ትንሽ ሥዕል ላይ ሁሉም ነገር ይቻላል፣ በኮምፒውተር የተሠራው 3D ሞዴል ላይ ግን ብርሃንና የዕቃው ቀለም ይባዛሉ። ሹራቡ ቢጫ ነው እንበል፤ ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ቀይ 0.85፣ አረንጓዴ 0.65፣ ሰማያዊ 0.15። በጣቢያው ሰማያዊ ብርሃን፣ 0.30፣ 0.45፣ 0.90 ሥር ስናደርገው የሚወጣው 0.26፣ 0.29፣ 0.14 ገደማ ነው። ይህ ቢጫ አይደለም፣ ጭቃ የመሰለ አረንጓዴ ነው። ታላቂቱ ሹራቡን ለታናሿ የምትሰጠው እዚያ ጣቢያ ላይ ስለሆነ ይህ ለእኔ አደጋ ነበር። ሁለት መውጫ አለ። አንዱ በክፍሉ ልክ የሹራቡን ቀለም መቀየር ነው፤ ተመልካቹ አያውቀውም፣ እናንተ ግን ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ ሹራብ ልትይዙ ነው። ሌላው ቦታውን መቀየር ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ሹራቡን የምትቀበለው ከባቡሩ መስኮት በሚወጣው ብርሃን ውስጥ ቆማ ነው፣ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እጇ ላይ እያለ ቀለሙን ያጣል።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ሥዕል ከሥሩ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ብርሃኑ ከምን ይመጣል፣ የሥዕሉ ብሩሁና ጨለማው ቦታ የቱ ነው፣ የተከለከለው ቀለም ምንድነው። የእኔ የሰባተኛው ክፍል እንዲህ ይላል፦ «ብርሃን፦ ቀትር፣ ከመስኮቱ፣ ጥላ የለም። ብሩሁ ግድግዳው፣ ጨለማው ፀጉሯ ብቻ። ቢጫ አይገባም፣ ውጭ የሚጫወቱት ልጆች ልብስ ላይም ቢሆን።»